የምግብ ቤት ሒሳብ በመዋጮ ሲከፈል፤ ስለ ገንዘብ ጥያቄ አሠራር

ወዳጆች አብረው በልተው ሲነሡ ሒሳቡን የሚከፍለው የጋበዘው ሰው ነው፤ የአገራችን ልማድ ይኸው ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ አብረው ምሳ የሚበሉ ባልንጀሮች ግብዣውን ትተው ቢያዋጡ የአንዱ ኪስ ብቻ አይጎዳም። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላላክ ስለ ተለመደ፣ መዋጮውንም በስልክ መሰብሰብ ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው በአንዳንድ የገንዘብ መተግበሪያዎች ውስጥ የሚገኘው «የገንዘብ ጥያቄ» የተባለው አገልግሎት ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንግለጽ። አራት ነጋዴዎች ኢታንግ ላይ ከባሮ ወንዝ የወጣ ዓሣ በሉ እንበል። የምግቡ ዋጋ 1,600 ብር፣ ሦስቱ የጠጡት ቢራ 360 ብር፣ በጠቅላላው 1,960 ብር ሆነ። ምግብ ቤቱ የአራት ሰው መዋጮ ቆሞ አይጠብቅምና አንደኛው ሙሉውን ከፍሎ ደረሰኙን ይቀበላል። ምግቡ ለአራት ሲካፈል 400 ብር፣ ቢራው ለሦስት ሲካፈል 120 ብር ይደርሳል። ከፋዩም ቢራ ጠጥቶ እንደ ሆነ የራሱን 520 ብር ያስቀርና፣ ለሁለቱ ጠጪዎች የ520፣ ላልጠጣው የ400 ብር ጥያቄ በየስልክ ቁጥራቸው ይልካል፤ የሚመለስለት 1,440 ብር ነው። ራሱን ከቁጥር ረስቶ ጠቅላላውን ለሦስቱ ቢያካፍል ግን የራሱን ምሳ ባልንጀሮቹን ማስከፈሉ ነው።

ጥያቄው የደረሰው ሰው የጠያቂውን ስምና የገንዘቡን ልክ ተመልክቶ፣ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው የምስጢር ቁጥሩን በማስገባት ይፈቅዳል። እስኪፈቅድ ድረስ ከሒሳቡ አንዲት ሳንቲም አይነሣም። ስለዚህ የተላከ ጥያቄ ዕዳን ማስታወቂያ እንጂ ደረሰኝ አይደለም፤ ወዳጅ ቢዘነጋ ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ጉድለቱ ሙሉውን በከፈለው ሰው ላይ ይቆያል።

ከዚህም ሌላ ጥያቄው የዘገየበት ባልንጀራ ድርሻውን በተራ የገንዘብ መላኪያ ልኮ፣ ማታ ኔትወርክ ሲመለስ ጥያቄውን ደግሞ ሊፈቅድና ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። በሒሳብ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ልዩ ልዩ የክፍያ ቁጥሮች ከተገኙ ይህ ሆኗል ማለት ነው። በሌላ መንገድ የከፈለ ሰው ጥያቄውን ወዲያው ውድቅ ማድረግ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ማታለል ነው። አታላይ «ገንዘብ ልልክልህ ነው፤ ተቀበል» እያለ ጥያቄ ይልካል፤ ያልተጠነቀቀ ሰውም የምስጢር ቁጥሩን አስገብቶ ይከፍለዋል። ሕንድ በዚህ ምክንያት በግለሰቦች መካከል የሚደረገውን የገንዘብ ጥያቄ በዩ.ፒ.አይ. የክፍያ ሥርዓቷ ላይ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አቁማለች። ገንዘብ ለመቀበል የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም፤ ስልኩ ቁጥሩን ከጠየቀ ገንዘቡ የሚወጣ እንጂ የሚገባ አይደለም።