የገዢው ቃልና የቁም ሳጥን ገበያ

አንድ የቤት ዕቃ አምራች በኢንተርኔት «ዘመናዊ የእንጨት ውጤቶች» የሚል ጽሑፍ አወጣ እንበል። ገዢው ግን ጉግል ላይ የሚጽፈው «የቁም ሳጥን ዋጋ» ብሎ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አይገናኙም።

መፍትሔው ደንበኞች በስልክ የሚጠይቁትን በራሳቸው አነጋገር መዝግቦ ያንኑ ጉግል ላይ መፈለግ ነው። ቀድመው የሚወጡት የዋጋ ዝርዝሮች ከሆኑ፣ ፈላጊው የሚጠብቀው ዋጋ እንጂ ስለ እንጨት ዓይነት ትንታኔ አይደለም። «ሳጥን» በ«ሣ»ም ስለሚጻፍ ሁለቱም ይሞከሩ።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ Search Console የተባለው የጉግል ነጻ መሣሪያ በየትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና አማካይ ደረጃውን ያሳያል። ደረጃው 3ኛ ሆኖ የሚከፍተው ከጠፋ ርዕሱ ይለወጥ፤ 30ኛ ከሆነ ግን ርዕስ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፣ ዋጋና ልክ ተጨምሮበት ጽሑፉ ራሱ ይዳብር።