ቼኩ ሳይከፈል ሲመለስ

ለአቅራቢዎ የ80,000 ብር ቼክ ጻፉ እንበል። ሒሳብዎ ውስጥ ያለው ግን 78,500 ብር ነው። ቼኩ ባንክ ሲደርስ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ይመለሳል፤ በገበያ ቋንቋ ደረቅ ቼክ ሆነ ማለት ነው።

መጀመሪያ ባንኩ የጻፈውን ምክንያት ያንብቡ። ፊርማ ካልተመሳሰለ ወይም ስርዝ ድልዝ ካለ፣ ገንዘብ ቢጨምሩም አይከፈልም፤ አዲስ ቼክ መጻፍ ያስፈልጋል። የስንቅ ጉድለት ከሆነ 1,500 ብር ብቻ አስገብተው አይመለሱ። ባንኩ በታሪፉ መሠረት ቅጣት ከዚያው ሒሳብ ሊቆርጥ ስለሚችል፣ ቼኩ እንደገና ሲቀርብ ዳግም ይመለሳል። የተቆረጠውን ጠይቀው እሱንም ይጨምሩ።

ለተቀባዩ ዛሬውኑ ይደውሉ። ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ካስተላለፉለት ዋናውን ቼክ መልሰው ይረከቡ፤ መክፈልዎን የሚያሳይ ደረሰኝም ይያዙ። ቼኩ እጁ ላይ ከቀረ ክርክሩም ይቀራል።

ብዙ ነጋዴ የሚጎዳው ቀኑን ወደፊት አድርጎ «ለዋስትና» በሚሰጠው ቼክ ነው። ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ስለሆነ ባለቤቱ ከቀኑ በፊትም ሊያቀርበው ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ደግሞ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሚሰጥን ሰው፣ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል።