አንደኛ ምርጫ ምን ያስከፍላል?

ልጅቷ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ትሞላለች። አባቷ ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። አንደኛው ቦታ ላይ ሐዋሳን ስታስገባ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ሐዋሳን የማይፈልግ የለም። እሱ ካልደረሰሽ ሁለተኛውም ያመልጥሻል፤ የሚሆንልሽን አስቀድሚ።»

«አባዬ፣ ውጤቴ ካልበቃ ወደ ሁለተኛው ያወርደኛል እንጂ ምን ያደርገኛል?»

ይህ ክርክር ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን በየቤቱ አለ። ማን ልክ እንደሆነ ግን ፎርሙን አይቶ መናገር አይቻልም። የሚወስነው ፎርሙ ከተላከ በኋላ የሚሠራው የምደባ ስሌት ነው።

ስሌቱ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል። ለምሳሌ ሐዋሳ፣ ጎንደርና ጅማ አንድ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷቸዋል እንበል። ሰላም 480፣ ዮናስ 450፣ ቤዛ 420 አምጥተዋል። ሰላምና ዮናስ ሐዋሳን አንደኛ፣ ጎንደርን ሁለተኛ፣ ጅማን ሦስተኛ አድርገዋል። ቤዛ ግን ጎንደርን አስቀድማለች።

በመጀመሪያው መንገድ ስሌቱ የሁሉንም አንደኛ ምርጫ አይቶ ቦታ ያድላል፤ ወደ ሁለተኛ ምርጫ የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዋሳ ለሰላም፣ ጎንደር ለቤዛ ይሆናል። ዮናስ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ሲመጣ ጎንደር ሞልቷል። ቤዛን በ30 ነጥብ በልጦ ሳለ ጅማ ይደርሰዋል። ጎንደርን አንደኛ ቢያደርግ ኖሮ ያገኘው ነበር። እዚህ ላይ አባትየው ልክ ናቸው።

በሁለተኛው መንገድ ስሌቱ ተማሪዎቹን በውጤት ይደረድርና የእያንዳንዱን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ያነባል። ሰላም ሐዋሳን ትወስዳለች፤ ዮናስ ሐዋሳ ስለሞላ ጎንደርን ያገኛል፤ ቤዛ ጅማ ትገባለች። ዮናስ ሐዋሳን በማስቀደሙ የከፈለው ነገር የለም። እዚህ ላይ ደግሞ ልጅቷ ልክ ናት።

የሁለቱን ልዩነት በሰፊው ያየች አገር ቻይና ናት። በብሔራዊው ፈተና፣ በጋኦካኦ፣ ለረጅም ጊዜ ይሠራ የነበረው የመጀመሪያው መንገድ ነው። አንደኛ ምርጫው ያልተሳካለት ጎበዝ ተማሪ ሌሎች በጊዜ የሞሉትን እያየ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ስለዚህ ወላጆች የሚጨነቁት ልጁ በሚወደው ሳይሆን ሌሎች በሚያስቀድሙት ላይ ነበር። ሁናን ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛውን መንገድ መሞከር ጀመረ። እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ31ዱ ክፍላተ ሀገራት 28ቱ በአንድም በሌላም መልኩ ወደዚያው ዞረዋል።

ሆኖም አንድ ወጥመድ ቀረ። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከመረጠ በኋላ በሥሩ የሚፈልጋቸውን የትምህርት ዘርፎች ይደረድራል። ፋይሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚላከው አንድ ጊዜ ነው። የመረጣቸው ዘርፎች በሙሉ ከሞሉ፣ «ሌላ ዘርፍ ብትመድቡኝ እስማማለሁ» የምትለዋ ሣጥን ላይ ምልክት ማድረጉ ይታያል። ካላደረገ ፋይሉ ይመለሳል፤ የዚያ ዙር ሌሎች ምርጫዎቹም አብረው ያልፉታል። ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲው በቅቶ በአንዲት ምልክት የተነሣ የሚወድቅ ተማሪ አለ ማለት ነው። ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የፈታው እያንዳንዱን ምርጫ «ይህ ዘርፍ፣ በዚህ ዩኒቨርሲቲ» በማድረግ ነው። ተማሪው በአንድ ዙር እስከ 80 እንዲህ ያሉ ምርጫዎችን መደርደር ይችላል።

በእኛ አገር ግቢና ዘርፍ የሚመረጡት በተለያየ ጊዜ ነው። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ ዲፓርትመንት የሚመርጠው እዚያ ከተማረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሚወዳደረው ከግቢው ተማሪዎች ጋር ነው፤ የሚመርጠውም ግቢው ካሉት ዲፓርትመንቶች ነው። ፋርማሲ የምትፈልግ ልጅ ፋርማሲ የሌለበትን ግቢ ለከተማው ብላ ካስቀደመች፣ ዘርፉን የተወችው ገና ፎርሙን ስትልክ ነው። ስለዚህ ግቢ ከመደርደር በፊት መታየት ያለበት እያንዳንዱ ግቢ የትኞቹን ዲፓርትመንቶች እንደሚያስተምር፣ በተፈላጊዎቹም ስንት ተማሪ እንደሚቀበል ነው። ዲፓርትመንት ሲመረጥም የአባትና የልጅ ክርክር እንደገና ይነሣል፤ ለሬጅስትራር የሚቀርበው ጥያቄም ያው ነው፦ የሚቀድመው የምርጫ ተራ ነው ወይስ ውጤት?

በዩኒቨርሲቲው ምደባም መልሱ «ውጤት» ከሆነ ልጅቷ ሐዋሳን ከላይ ትተወው። የአባቷን «የሚሆንልሽ» ግን አትሰርዘው። በዚህ መንገድም ቢሆን የደረደረቻቸው ሁሉ ከውጤቷ በላይ ከሆኑ ዝርዝሩ ያልቅና ያልመረጠችው ቦታ ሊደርሳት ይችላል። የአባት ጥንቃቄ መጨረሻው መስመር ላይ ሲቀመጥ ከሐዋሳ የሚቀንሰው ነገር የለም።