አራሚው ሲጠይቅ

ፊደል የተገደፈበትን ወይም ቃል የተደገመበትን ቦታ አራሚ ራሱ አስተካክሎ ያልፋል። «ሀ» እና «ሐ» የተምታቱበትን ቃል ደግሞ ማተሚያ ቤቱ በሚከተለው ልማድ መሠረት አንድ ወጥ ያደርገዋል። አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ግን ሰዋስው ሳይጎድለው ሁለት ነገር ይናገራል። የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ተለቅመው በአንድ ደብዳቤ ለጸሐፊው ይላካሉ።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። አራሚው ዓረፍተ ነገሩን በሁለት መንገድ አቃንቶ ይጽፈዋል። ሁለቱም ከመጽሐፉ ጋር ከተስማሙ አንዱን መምረጥ ግምት ነው። ከመጠየቁ በፊት ግን ሌሎቹን ገጾች ማገላበጥ አለበት፤ መልሱ ሦስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ተጽፎ ከሆነ ጥያቄው የጸሐፊውን ጊዜ ከማባከን አያልፍም።

አንድ ሰው የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ለእርማት ሰጡ እንበል። ደብዳቤው ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ለተከበሩ ጸሐፊ፣ ረቂቅዎን አንብቤ ጨርሻለሁ። የሚከተሉትን ሦስት ቦታዎች እርስዎን ሳልጠይቅ ማረም አልቻልኩም። ከየጥያቄው ሥር ሀ ወይም ለ ላይ ምልክት ያድርጉልኝ፤ ሁለቱም ካልሆኑ ትክክለኛውን ይጻፉልኝ።

1. ገጽ 41፣ “ታላቅ ወንድሜ በ1966 ወደ አሜሪካ ሄደ።” ሀ) 1966 ዓ.ም. ለ) 1966 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም 1958 ወይም 1959 ዓ.ም.። በምዕራፉ ውስጥ ሁለቱም አቆጣጠር አለ። “ለ” ከሆነ የሄደበትን ወርም ይንገሩኝ።

2. ገጽ 57፣ “ሐሙስ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ።” ሀ) ረቡዕ አምሽተው፣ ለሐሙስ አጥቢያ። ለ) ሐሙስ አምሽተው፣ ለዓርብ አጥቢያ። በገጽ 60 ያለው “በሦስተኛው ቀን” የሚቆጠረው ከዚህ ነው።

3. ገጽ 83፣ “አባቴ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ይሰማ ነበር።” ሀ) ሌሎች ሲናገሩ ያዳምጥ ነበር። ለ) እሱ ሲናገር ሌሎች ያዳምጡት ነበር።»

የመጀመሪያው ጥያቄ ወርን የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛና በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስምንት ነው። ወሩ ካልታወቀ አንድ የፈረንጅ ዓመት ከሁለት የእኛ ዓመቶች ጋር ይገጥማል። ከዚህም ሌላ 1966 ዓ.ም. አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። አራሚው ገምቶ «ዓ.ም.» ቢጨምር በሰላሙ ዘመን ለትምህርት የሄደውን ወጣት በአብዮቱ ዓመት የወጣ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የጽሕፈታችን ጠባይ ያመጣው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ይሰማ» ላልቶ ሲነበብ አባትየው አድማጭ ናቸው፤ «ሰ» እና «ማ» ጠብቀው ሲነበቡ ተደማጭ ይሆናሉ። ጸሐፊው በልባቸው ያለውን ድምፅ ስለሚሰሙ ዓረፍተ ነገሩን አሥር ጊዜ ቢያነቡትም ችግሩ አይታያቸውም። መፍትሔው «ያዳምጥ ነበር» ወይም «ቃሉ ይደመጥ ነበር» ብሎ መጻፍ ነው፤ ምርጫው ግን የእሳቸው ነው።

ደብዳቤው የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። «ገጽ 57 ግልጽ አይደለም» ብቻ ከተባለ ጸሐፊው ለእሳቸው ግልጽ የሆነውን ደግመው አንብበው «ምኑ ነው ያልገባህ?» ይላሉ። «ለዓርብ አጥቢያ ማለትዎ ነው አይደል?» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ የደከመው ጸሐፊ «አዎ» ብሎ ይገላገላል፣ የአራሚው ግምትም በጸሐፊው ስም ይታተማል። ስለዚህ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን፣ ያለ አድልዎ መቅረብ አለባቸው። ማንኛቸውም ሌላ ገጽ የሚነኩ ከሆነም የገጹ ቁጥር ይጠቀስ፤ ገጽ 57 ተስተካክሎ ገጽ 60 ቢረሳ አሻሚው ዓረፍተ ነገር ስህተት ሆኖ ያርፋል።

መልስ ሳይመጣ የኅትመት ቀን ቢደርስስ? የተጻፈው እንዳለ ይታተማል። «ሐሙስ» የሚለውን ቃል አውጥቶ ማለፍ ቀላል ቢመስልም እሱም ያለ ፈቃድ የተደረገ ለውጥ ነው። አሻሚ ዓረፍተ ነገር አንባቢን ያጠራጥር ይሆናል፤ በግምት የታረመው ግን ሳይጠራጠር ያሳስተዋል።

ለጸሐፊዎችም አንድ ቃል አለን፦ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ «እንደመሰለህ አስተካክለው» አትበሉ። እያንዳንዱን ጥያቄ በጽሑፍ መልሱ፤ ያላስታወሳችሁትንም «አላስታውስም» በሉ። ያኔ ዓረፍተ ነገሩ የምታውቁትን ብቻ እንዲናገር አብራችሁ ታስተካክሉታላችሁ።