ኦቨኑ ራሱን ከማጽዳቱ በፊት

አሜሪካ ባሉ ብዙ ቤቶች ኦቨን ላይ Self Clean የሚል ቁልፍ ይገኛል። ቁልፉን ተጭነው ብዙም ሳይቆዩ ቤቱ በጢስ ታፍኖ፣ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኾባቸው የደነገጡ ጥቂት አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ ኦቨኑ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ሳይዘጋጅ መከፈቱ ነው።

ይህ ዓይነቱ ኦቨን ራሱን የሚያጸዳው በሳሙናም በውሃም ሳይሆን በሙቀት ብቻ ነው። ዳቦ ስንጋግር ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በጽዳቱ ጊዜ ግን 470 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ሥራውም እንደ ኦቨኑ ዓይነት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ ሙቀት ግድግዳው ላይ የደረቀው ቅባት መጀመሪያ ይከስላል፣ ከዚያ ይቃጠላል፣ በመጨረሻ ጥቂት አመድ ብቻ ይቀራል። ማንም እንዳይከፍተው በሩ በራሱ ይቆለፋል። በእንፋሎትና በዝቅተኛ ሙቀት የሚያጸዱ ኦቨኖችም ስላሉ፣ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከመመሪያው ያረጋግጡ።

ጢሱ የሚመጣው ከቅባቱ ነው። በሩ ዝግ በመሆኑ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ትንሽ ነው። ስስ የቅባት ሽፋን በዚያች አየር ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ ጥቂት ጢስና ሽታ ቢኖረውም ያልፋል። ታች የተጠራቀመ ወፍራም ቅባት ግን አየሩ አይበቃውም። ስለዚህ በደንብ ሳይቃጠል ይጨሳል፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይወጣዋል። አንዳንዴ ቅባቱ ውስጥ ለውስጥ ነበልባል ያነሳል።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፤ በእጅ የሚነሳውን በእጅ ያንሱ፣ ለሙቀቱ የሚተውለት ተጣብቆ እምቢ ያለው ብቻ ይሁን።

ለምሳሌ ላዛኛ ገንፍሎ አይቡና ስጎው ኦቨኑ ወለል ላይ ፈስሶ ደርቋል እንበል። ኦቨኑ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የደረቀውን በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱት። ቅባቱን በወረቀት ይጥረጉ፤ ቀጥሎ ትንሽ የዕቃ ሳሙና ባለው እርጥብ ጨርቅ ያብሱና ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ይድገሙት። የሚረጭ የኦቨን ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ቅሪቱ ሲግል መጥፎ ጋዝ ይተናል፣ የውስጡንም ልባስ ይጎዳል። በበሩ ዙሪያ ያለውን ገመድ መሳይ ማሸጊያ አይፈትጉት፤ ከተጎዳ ሙቀቱ ያመልጣል። ከማሸጊያው ውጭ ያለው የበሩ ጠርዝ ግን ሙቀቱ በቅጡ ስለማይደርሰው በእጅ መጽዳት አለበት።

ከዚያ ውስጡን ባዶ ያድርጉት። ወለሉ ላይ የተነጠፈ ፎይል ልባሱ ላይ ሊጣበቅ ስለሚችል ይውጣ። መመሪያው ይቆዩ ካላለ በቀር የብረት መደርደሪያዎቹም ይውጡ፤ አለዚያ ይጠቁራሉ፣ ሲስቧቸውም አልንሸራተት ይላሉ። ከሥር ባለው መሳቢያ የተቀመጡ መጥበሻዎችን አይርሱ፤ ቴፍሎን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍ ይገድላል። ቤት ውስጥ ወፍ ካለ ከኩሽናው አርቆ ማስቀመጥ ሳይሆን ከቤት ማውጣት ነው የሚሻለው።

መስኮት ከፍተው፣ የጢስ መሳቢያውን አብርተው ያስጀምሩት። የኦቨኑ በርና አካባቢው ስለሚግል ልጆች አይቅረቡ፤ አስም ያለበት ሰውም ኩሽና ውስጥ አይቆይ። ተኝተው ወይም ከቤት ወጥተው አይተዉት። በመስታወቱ ነበልባል ካዩ Cancel የሚለውን ይጫኑ፤ በሩን ግን ለመክፈት አይታገሉ። አየር ያጣ እሳት ይሞታል፤ በሩ ከተከፈተ ግን ይነሳል። እሳቱ ካልጠፋ ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡና 911 ይደውሉ።

ጽዳቱ ካለቀ በኋላም ኦቨኑ እስኪበርድ በሩ እንደተቆለፈ ይቆያል። ሲከፈት የሚያገኙትን አመድ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህን ሥራ ለበዓል ዋዜማ አያቆዩት። ያ ሁሉ ሙቀት አንዳንዴ የኦቨኑን ፊውዝ ያቃጥላል፣ ወይም የበሩን መቆለፊያ አልከፈት ያሰኛል። ለፋሲካ ዶሮ የሚጠብሱበት ወይም ድፎ የሚደፉበት ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያጽዱት፤ ቢበላሽም ጠጋኝ ለመጥራት ጊዜ ይኖርዎታል።