ድምፁ የእኅት፣ ደዋዩ ሌላ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023፣ ዋና መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ያልተለመደ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አጭበርባሪዎች በኮሚሽኑ ምክትል የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስም ሐሰተኛ ኢሜይል ልከው ቀጠሮ ካስያዙ በኋላ፣ የሊቀ መንበሩን የሙሳ ፋኪ ማሃማትን መልክና ድምፅ አስመስለው ከአውሮፓ ባለሥልጣናት ጋር በቪዲዮ ተነጋግረው ነበር። ኮሚሽኑ የሰጠው መልስ ግን የቆየ ሥርዓት ነው፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርበው አዲስ አበባ ባሉ ኤምባሲዎች በኩል በሚላክ የዲፕሎማሲ ማስታወሻ ብቻ ነው። መልኩን ሳይሆን የመጣበትን መንገድ ማጣራት ማለት ነው።

በሜሪላንድ፣ ላንግሊ ፓርክ ለሚኖር ቤተሰብም ይኸው ይሠራል። አዲስ አበባ ያለች እኅትዎ ሌሊት በቴሌግራም ደውላ «ሆስፒታል ነኝ፣ ገንዘብ ላክልኝ» አለችዎ እንበል። ማይክሮሶፍት በ2023 መጀመሪያ ያስተዋወቀው ሥርዓት ድምፅን ለመኮረጅ የሦስት ሰከንድ ቅጂ እንደሚበቃው አሳይቷል። ስለዚህ ድምፁን መለየትዎ ማስረጃ አይሆንም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ስምም እንደዚሁ፤ አካውንቱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላልና።

ጥሪውን ይዝጉ። በዚያው መተግበሪያ መልሰው ቢደውሉ የሚያነሣው ሌባው ራሱ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀድሞ በሚያውቁት መደበኛ ስልክ ቁጥር ይደውሉ። ካልተነሣ ሌላ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይጠይቁ። በአካል ተገናኝታችሁ የተስማማችሁበት፣ በመልእክት ተጽፎ የማያውቅ የምስጢር ቃልም ይረዳል። ደዋዩ «አትዝጋ፣ ለማንም አትንገር» ካለ ግን የሚፈራው ይህንኑ ማጣራት ነው።