ስኳር ነው ወይስ ማር?

ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች በአንዱ አንዲት እናት የትግራይ ነጭ ማር ከመደርደሪያው ታነሳለች። ብልቃጡን ዘንበል ታደርገዋለች፤ ማሩ አይነቃነቅም፣ ረግቷል። «ስኳር ነው» ትልና ትመልሰዋለች።

ማሩ ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ማር የሚረጋው በውስጡ ያለው ግሉኮስ እየጠጠረ ሲሄድ ነው፤ ግሉኮስ የሚበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፤ 14 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ይብስበታል። መርጋቱ ስለ ንጽሕናውም ሆነ ስለ መበረዙ ማስረጃ አይሆንም። እዚያ መደርደሪያ ፊት ይህን የሚነግራት ሰው ስለሌለ ማሸጊያው ራሱ መናገር አለበት። አንዳንድ ነጋዴ ማሩ እንዳይታይ በማያሳይ ፕላስቲክ ያሽገዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ቤቷ ገብታ ስትከፍተው ተታለልኩ ትላለች። እኔ የምመክረው ጥርት ያለ መስታወትና ፊት ለፊት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ይህ ማር በተፈጥሮው ይረጋል፤ ለማቅለጥ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት።»

ያን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ መጻፍ ግን መዘዝ አለው። በአሜሪካ ሕግ በአንድ የምግብ ማሸጊያ ላይ በሌላ ቋንቋ መልእክት ከተጻፈ፣ ሕጉ የሚጠይቃቸው ጽሑፎች፣ ለምሳሌ የምርቱ ስምና ክብደቱ፣ ከእንግሊዝኛው ሌላ በዚያም ቋንቋ መጻፍ አለባቸው። ስለዚህ ወረቀቱን ከማሳተም በፊት ለሁለቱም ቋንቋ ቦታ መመደብ ያስፈልጋል። ፊደሉን ለማስዋብ ያህል መጨረሻ ላይ የሚጨምር ሰው ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ክብደቱም ያሳስታል። ማር ከውሃ 1.4 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ 500 ግራም ማር የሚሞላው 360 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ብልቃጥ ውስጥ ቢገባ ከላይ አንድ አራተኛው ባዶ ይቀራል፤ ገዢዋም የጎደለ ይመስላታል። ለ500 ግራም 370 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ ይበቃል።

ሥዕሉ ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትልቅ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ የከፋና የሸካ ጫካ መልክ ነው። በትግራይ ነጭ ማር ላይ ሲለጠፍ ያገሩ ልጅ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሥዕሉን ያላመነ ማሩንም አያምንም።

የመጨረሻው ነገር ክዳኑ ነው። ከክዳኑ ሥር የተጣበቀ የአሉሚኒየም ሽፋን ከሌለ ማሩ በመንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ወረቀቱን ያበላሻል፣ ካርቶኑንም ያጣብቃል። ለመላክ ካሰባችሁ ማሩ ገና ሳይረጋ ጥቂት ብልቃጦች ሞልታችሁ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ለሁለት ቀን ገልብጣችሁ አቆዩ። አንዱ እንኳ ካንጠባጠበ ክዳኑን ሳትቀይሩ አትላኩ።